የሕፃን ልብስ፦ ጨርቁን መምረጥ፣ ሳሙናውን ማስለቀቅ

የሕፃን ቆዳ ሲቀላና ሲሻክር መጀመሪያ የሚወቀሰው የሳሙናው ዓይነት ነው። አንዱ ኦሞ ይጣልና ሌላ ይገዛል፤ ሽፍታው ግን እዚያው ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ምን ዓይነት ሳሙና ተገዛ የሚለው ሳይሆን ከታጠበ በኋላ ምን ያህሉ ጨርቁ ውስጥ ቀረ የሚለው ነው። የሕፃን ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ የሳሳ ነው፤ ጤነኛ ቆዳ ደግሞ በተፈጥሮው ትንሽ አሲድነት አለው። የልብስ ሳሙና፣ ጠጣሩም ዱቄቱም፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። ደርቆ የተሰቀለ ልብስ ላይ የቀረው ሳሙና ለጊዜው ምንም አያደርግም። ልጁ ሲያልበው፣ ሲያስታውክ ወይም ሲሸና ግን ጨርቁ ይርሳል፣ ሳሙናው እንደገና ይሟሟል፣ ቆዳው ላይም ለሰዓታት ይቆያል።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት በእጅ ለሚያጥቡ፣ በተለይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖሩ ነው። ማሽን ያላችሁም ወደ ኋላ ላይ ድርሻችሁን ታገኛላችሁ።

ሽፍታው የት እንዳለ ይመልከቱ

ልብሱን ከመውቀስዎ በፊት ልጁን ብርሃን ባለበት ቦታ አውልቀው ይዩት። ከልብስ የሚመጣ መቆጣት ጨርቁ በሚጫንበትና በሚፋተግበት ቦታ ይበረታል፤ አንገት ዙሪያ፣ ብብት፣ የእጅጌው ጫፍ የሚያርፍበት አንጓ፣ የሱሪው ላስቲክ የሚይዘው ወገብ። አንገትና ጀርባ ላይ የሚወጡ ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ በተለይ ልጁ ብዙ ተደራርቦ ከለበሰ፣ የሙቀት ሽፍታ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ መድኃኒታቸው አንድ ልብስ መቀነስ ነው። የአንድ ወገን ጉንጭ ብቻ ከቀላ ደግሞ ልጁ ብዙ ጊዜ የሚደገፍበትን ትከሻ ያስቡ። የእናቱ ነጠላ፣ የአያቱ ጋቢ፣ አንቀልባው፣ የትራስ ልብሱ፣ ሁሉም የሕፃን ልብስ ናቸው። የልጁን ካናቴራ በጥንቃቄ አጥቦ ነጠላውን በደረቅ ኦሞ ማሸት ሥራን በግማሽ መተው ነው።

በሽንት ጨርቅ አካባቢ ያለው ቅላት ለብቻው ይታያል። ጉብ ጉብ ባለው ቦታ ላይ ቀልቶ እጥፋቱ ውስጥ ንጹሕ ከሆነ ከሽንት፣ ከሰገራ ወይም ከሳሙና ጋር መነካካት ያመጣው ሊሆን ይችላል። እጥፋቱ ውስጥ ደምቆ ከቀላና ዙሪያውን ትናንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ከበተነ ግን ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው፤ እሱን ማለቅለቅ አያድነውም፣ የጤና ባለሙያ ይየው።

ጨርቁ

ቆዳን በቀጥታ የሚነካው ልብስ ጥጥ ይሁን። ጥጥ ላብን ይመጥጣል፣ ሙቅ ውሃ ይችላል፣ በደንብ ሲለቀለቅ ሳሙናውን ይለቃል። ፖሊስተር ላብን ስለማይመጥጥ ላቡ ቆዳው ላይ ይቀራል፤ በገበያ የሚወደደው ለስላሳ የፍሊስ ብርድ ልብስ ከዚህ ወገን ነው። በአክሪሊክ ክር የተሠራ የሕፃን ሹራብ ሙቀት ይይዛል እንጂ ቆዳ ላይ ለማረፍ አልተፈጠረም። ሻካራ ሱፍ ደግሞ አለርጂ ባይኖርም እንኳ ወፍራም ክሩ ቆዳን ይወጋል። ይህ ማለት ሹራብ አይለበስ ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ ሹራብ ይጠይቃል፤ ከሥሩ ግን እስከ አንገትና እስከ አንጓ የሚደርስ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ካናቴራ ይኑር፤ ሹራቡ ቆዳውን እንዳይነካ።

ልብሱ ላይ የተጻፈው መቶኛ ካለ ያንብቡ። ከሌለ፣ ወይም ሻጩ «ጥጥ ነው» ብሎ ከማለ፣ ከውስጥ ከስፌቱ አጠገብ ካለው ጨርቅ ሁለት ሦስት ክር መዘው በመቆንጠጫ ይያዙና ውሃ ባለበት ሳህን ላይ በክብሪት ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ በጣት ሲነኩት የሚበተን ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተርና አክሪሊክ ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙም ጠንካራ ጠብታ ይሆናሉ። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አመድም ጠብታም ካዩ ድብልቅ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ስፌቱ የተሰፋበት ክር ራሱ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ የሚመዙት ከጨርቁ ይሁን።

በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ነጠላ ለሕፃን መልካም ጨርቅ ነው፤ ሳሳ ያለ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ቶሎ ይደርቃል። ጥለቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ክር የተሠራ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነም ይቧጭራል። ስለዚህ ሲያቅፉት ጥለቱ ከፊቱ ይራቅ። ለቀረው ዓይንዎን ስፌቱ ላይ ያድርጉ። አንገት ላይ የተሰፋችውን የማርካ ጨርቅ ከሥሯ ቆርጠው አያውጧት፤ የቀረው ሻካራ ጠርዝ ይብሳል። ስፌቷን ይፍቱት። ስፌቱ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ካናቴራውን ገልብጠው ያልብሱት። ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ልጁ ግን ይተኛል።

አዲሱም ሰልባጁም ሳይታጠብ አይለበስም

አዲስ ልብስ እንዳይጨማደድ በኬሚካል የታከመ ሊሆን ይችላል፤ ትርፍ ቀለምም ይለቃል። ሁለት ጊዜ ይጠቡት፤ ሁለተኛው የማለቅለቂያ ውሃ አሁንም ቀለም ካለው እንደገና። ሰልባጅ በሌላ በኩል ብዙ ጊዜ በመታጠቡ ይለሰልሳል፤ በዚህ አዲሱን ይበልጠዋል። አደጋው በመጋዘን የተረጨበትና የተጨመረበት ነገር ነው። ሽታው እንደ ናፍታሊን፣ ማለትም ብል እንዳይበላው ሣጥን ውስጥ እንደሚጨመረው ነጭ ድብልብል ከሆነ፣ ለሕፃን አይግዙት። ናፍታሊን በውርስ የተወሰነ የኢንዛይም እጥረት ያለባቸውን ሕፃናት ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ልጅዎ ይህ እጥረት ይኑርበት አይኑርበት ደግሞ በመልኩ አይታወቅም። ከአያት ሣጥን የወጣ የሕፃን ልብስም ቢሆን ሽታው እስኪጠፋ በየቀኑ ውጭ ይሰቀል፣ ከዚያ ይታጠብ።

በአንድ ጀሪካን ውሃ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በእጃችን ያለው ሃያ ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን ውሃ ነው እንበል። የሚታጠበው የአንድ ቀን የሕፃን ልብስ ነው፤ ሦስት ካናቴራ፣ ሁለት ቱታ፣ ጥቂት የጨርቅ ሽንት ጨርቆችና አንድ ስስ መጠቅለያ። ደርቆ ሲመዘን አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናል።

መጀመሪያ ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ያስታወከበትንና የተበላሸበትን ብቻ ነክረው ይሹትና ውሃውን ይድፉት። ወተትና ሰገራ ፕሮቲን ስላላቸው ሙቅ ውሃ ሲያገኙ ጨርቁ ላይ ይጋገራሉ፤ ከዚያ እድፉን ለማስለቀቅ ሳሙና ይጨመራል፣ የተጨመረው ሳሙና ደግሞ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ መጀመር ሳሙና ይቀንሳል።

ቀጥሎ ለማጠቢያ ስድስት ሊትር። ለዚህ መጠን አንድ ደልደል ያለ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ሳሙና ይበቃል። የሕፃን ልብስ የጋራዥ ቱታ አይደለም፤ ያለበት ወተት፣ ላብና ሽንት ነው። ዱቄቱን በቀጥታ ልብሱ ላይ አይነስንሱት፤ በአንድ ኩባያ ሞቅ ያለ ውሃ ሙሉ በሙሉ ካሟሙት በኋላ ሳፋው ውስጥ ያፍሱት። ያልሟሟ ፍሬ ስፌት ውስጥ ይገባና በማለቅለቅ በቀላሉ አይወጣም። አረፋው ካነሰብዎ አይደንግጡ። በእጅ ለማጠቢያ የሚሸጥ ዱቄት አረፋ እንዲበዛለት ታስቦ የተሠራ ነው፤ የአረፋ ብዛት የንጽሕና ልክ አይደለም። ልጁን ቅቤ ወይም ቅባት የሚቀቡት ከሆነ ቅባቱ የነካውን አንገትና እጅጌ ብቻ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ለይተው ይሹት። በቅባቱ ምክንያት ለሁሉም ልብስ ኦሞ አይጨምሩ።

አሥራ ሁለት ሊትር ቀረ። እዚህ ላይ ብዙ ቤት አንድ ስህተት ይሠራል፤ ውሃውን ሁሉ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ገልብጦ ልብሱን አንዴ ማንቦጫረቅ። ሒሳቡን እንየው። አንድ ኪሎ ልብስ በእጅ ጥሩ ሲጨመቅ ውስጡ አንድ ሊትር ያህል የሳሙና ውሃ ይቀራል። ይህን አሥራ ሁለት ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢነክሩትና መልሰው ቢጨምቁት ሳሙናው አሥራ ሦስት ሊትር ውስጥ ይሰራጫል፤ አንዱ ሊትር ግን ጨርቁ ውስጥ ስለሚቀር ከነበረው ሳሙና አንድ አሥራ ሦስተኛው አብሮ ይቀራል። ያንኑ አሥራ ሁለት ሊትር ግን ለሦስት ቢከፍሉት፣ በየጊዜው አራት አራት ሊትር፣ በየመካከሉ ጥሩ አድርገው እየጨመቁ፣ መጀመሪያ አንድ አምስተኛው ይቀራል፣ ከዚያ የአምስተኛው አምስተኛ፣ በሦስተኛው አንድ መቶ ሃያ አምስተኛው ብቻ። ውሃው አልጨመረም፤ የቀረው ሳሙና ግን አሥር እጥፍ ገደማ ቀነሰ። ከክሩ ጋር የሚጣበቅ ጥቂት ሳሙና ስላለ እውነተኛው ውጤት ከዚህ ትንሽ ያንሳል፤ ልዩነቱ ግን ያው ነው።

የመጭመቁን ዋጋም ይዩ። ልብሱ ሳይጨመቅ፣ እየተንጠባጠበ፣ ከአንዱ ባልዲ ወደ ሌላው ከተዛወረ ሦስት ሊትር ያህል ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ሦስት ጊዜ ቢያለቀልቁትም የሚቀረው እንደገና ከአሥራ ሦስት አንድ ገደማ ነው፤ ያውም ሲጀመር የያዘው የሳሙና ውሃ ሦስት እጥፍ ሆኖ። ያለ መጭመቅ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ጉልበትም ውሃም ማባከን ነው። አራት ሊትር ልብሱን እንዲሸፍነው ሰፊ ሳፋ ሳይሆን ባልዲ ይጠቀሙ። በየዙሩ ከላይ ወደ ታች እየጫኑ አንድ ደቂቃ ያህል ያገላብጡት፤ ቱታውን በውስጡ ይገልብጡት፣ ስፌቱን ለብቻው በጣት ይሹት። የሹራብ ልብስ ሲጠመዘዝ ቅርጹ ይበላሻል፤ እሱን በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት።

መብቃቱን በሁለት ነገር ያውቁታል። ሦስተኛውን ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ሲያነሱት ጥርት ያለ ሊሆን፣ ሲነቀነቅም አረፋው ወዲያው ሊጠፋ ይገባል። ልብሱን በጣትዎ ሲያሹትም ማሙለጭለጭ የለበትም፤ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ አንድ ዙር ይቀረዋል። የሦስተኛው ዙር ውሃ ንጹሕ ስለሆነ አይድፉት፤ የዛሬውን ነጠላ ወይም የወለል ጨርቅ ይዘፈዝፉበታል።

ጠጣር ሳሙናና ከባድ ውሃ

በጠጣር የልብስ ሳሙና የሚያጥቡ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እንደ ድሬዳዋ ማዕድን የበዛበት፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሳሙናው ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል። ነጩ ልብስ የሚያመድደው፣ ፎጣው እንደ ቆዳ የሚደርቀው በዚህ ነው፤ ይህ ዝቃጭ በማለቅለቅ ብቻ አይወጣም። በእንደዚህ ያለ አገር ለሕፃን ልብስ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ሳሙና ይሻላል። ጠጣሩን ብቻ ካገኙ በቢላ ፈቅፍቀው በሞቀ ውሃ ያሟሙት፤ የመጀመሪያው ማለቅለቂያም ለብ ያለ ይሁን። ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ ማዕድን እምብዛም የሌለበት ለስላሳ ውሃ ነው። የጣራውን አቧራ የሚያወርደው የመጀመሪያው ይፍሰስና ቀጥሎ የሚወርደውን ለማለቅለቂያ ያጠራቅሙ።

ነጭ አቼቶ ይረዳል፣ ግን በቦታው። የዱቄት ሳሙና ቅሪትን ያለዝባል፤ ለአራት ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ በሦስተኛው ዙር ይጨመራል፣ ሽታው ከፀሐይ ጋር ይሄዳል። በመጀመሪያው ዙር ከጨመሩት ግን፣ በተለይ በጠጣር ሳሙና ላጠቡት፣ ሳሙናውን ወደ ቅባትነት መልሶ ጨርቁ ላይ ይለጥፈዋል። አቼቶና በረኪና በአንድ ዕቃ ውስጥ በፍጹም አይገናኙ፤ የሚወጣው መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ነው። በሽንት የራሰ ጨርቅንም ሳያለቀልቁ በረኪና ውስጥ አይዘፍዝፉ፤ ሽንት ውስጥ ያለው አሞንያ ከበረኪና ጋር ሌላ የሚያፍን ጋዝ ይሠራል። ለዕለት ተዕለት የሕፃን ልብስ በረኪና አያስፈልግም። ማለስለሻውም እንዲሁ፤ ልብሱን የሚያለሰልሰው ሽቶ ባለው ስስ ሽፋን በመቀባት ነው፣ ያም ሽፋን የሽንት ጨርቁን ውሃ የመምጠጥ ኃይል ይቀንሳል።

ለወራት የተጠራቀመውን ማስለቀቅ

ልብሱ ለረጅም ጊዜ በብዙ ሳሙናና በጥቂት ውሃ ሲታጠብ የቆየ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ በትክክል ማጠብ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ይፈትሹት። ታጥቦ የደረቀ አንድ ካናቴራ ወይም የሽንት ጨርቅ ክዳን ባለው ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ይክተቱ፣ ለብ ያለ ውሃ እስከ ግማሽ ይሙሉ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል በኃይል ይነቅንቁትና አንድ ደቂቃ ያስቀምጡት። በሌላ ጠርሙስ ያንኑ ውሃ ያለ ጨርቅ ነቅንቀው ጎን ለጎን ያስተያዩ። ወዲያው የሚፈነዱ አረፋዎች ምንም አይደሉም። ጠርዙ ላይ ቀለበት ሠርቶ የሚቆይ አረፋ፣ ወይም እንደ ወተት የደፈረሰ ውሃ ካዩ ሳሙና አለ። ሽቶና ማለስለሻ ግን በዚህ ፈተና አይታዩም።

ማስለቀቂያው ሳሙና አልባ ነው። የፈላ ውሃና ቀዝቃዛ ውሃ እኩል ቀላቅለው ነጭ የጥጥ ልብሱን ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ በእንጨት ያገላብጡት፣ ሲበርድ ይጭመቁት። አረፋ ሲያወጣ ያዩታል፤ ምንም ሳሙና ሳይጨምሩ። ውሃውን ለውጠው አረፋ እስኪያቆም ይደጋግሙት። ባለቀለሙንና ላስቲክ ያለውን ለብ ባለ ውሃ ያድርጉት። ሙቅ ውሃ ያለበትን ዕቃ ልጆች በማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ያኑሩ፤ ለሽፍታ ብለው ቃጠሎ እንዳያመጡ። በገመድ የደረቀ ጥጥ ትንሽ መድረቁ ግን ሁልጊዜ የሳሙና ምልክት አይደለም። ከመስቀልዎ በፊት ያራግፉት፣ ሲደርቅ በእጅዎ ይሹት፤ ለስልሶ ከቀረ ችግር የለበትም።

ማሽን ላላቸው

አዲሶቹ ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች ውሃ ቆጣቢ ናቸው፤ ለመብራትና ለውሃ ሒሳብ ጥሩ፣ ለማለቅለቅ ግን ስስት ያለባቸው። ከበሮውን ከግማሽ ብዙም አይለፉ፣ የሳሙናውን ክዳን ልኬት በግማሽ ይቀንሱ፣ ተጨማሪ ማለቅለቂያ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፣ ፈጣኑን መጭመቂያ ይምረጡ። የሳሙና መሳቢያውን አውጥተው በየጊዜው ይጠቡት። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ «ለአለርጂ የማያጋልጥ» የሚለውን ጽሑፍ እንደ ዋስትና አትቁጠሩት። ጠቃሚው ሽቶ አልተጨመረበትም የሚለው ነው። «ሽታ የለውም» የሚለው ሌላ ነው፤ ሽታውን ለመሸፈን ሽቶ የገባበት ሊሆን ይችላል። በማድረቂያ ማሽን ውስጥ የሚጨመሩትን ሽቶ ያላቸውን ወረቀቶች ይተዉአቸው።

ውጤቱን መለየት

ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ከለወጡ የትኛው እንደረዳ አያውቁም። ሳሙናውን ሳይቀይሩ መጀመሪያ ማለቅለቁን ያስተካክሉ፤ ነጠላውን፣ አንሶላውንና አንቀልባውን ጨምሮ። ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። ቅላቱ በልብስ መጫኛ ቦታዎች ላይ እየቀነሰ ከሄደ ምክንያቱ ቅሪቱ ነበር። ካልተለወጠ ሽቶ የሌለው ሳሙና ለሌላ ሁለት ሳምንት ይሞክሩ። ያም ካልሠራ ልብስ ማጠብዎን ያቁሙ ማለቴ አይደለም፤ ፍለጋውን ወደ ሌላ ያዙሩ ማለቴ ነው። ጉንጭና የክንድ ውጫዊ ክፍል ላይ የሚመላለስ፣ ደርቆ የሚያሳክክ ችፌ ከልብስ ጋር ሊባባስ ይችላል እንጂ ብዙ ጊዜ ልብስ አያመጣውም፤ ሕክምናውም ቆዳውን በቅባት ማለስለስና ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ነው።

ሽፍታው ቢጫ ቅርፊት ካወጣ፣ መግል ከቋጠረ፣ ውሃ ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሁለት ሳምንት አይጠብቁ። ልጁ ገና አንድ ወር ያልሞላው ከሆነና መግል የያዘ ነገር ካዩበት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።